አንድ ሺህ እንቁላል ጣይ ዶሮ ለማስገባት ብድር ለምትፈርሙ ምሩቃን የተጻፈ ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ ዲግሪ ይዞ ወደ ግብርና ለሚገባ ወጣት ሁሉ አይደለም። በቢሾፍቱ፣ በአዳማ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር ወይም በሌላ ከተማ ዳርቻ ቤት ተከራይቶ አንድ ሺህ እንቁላል ጣይ ዶሮ ለማስገባት ላሰበ፣ ለብድሩ መያዣም የወላጆቹን ቤት ካርታ ይዞ ባንክ ሊሄድ ለተዘጋጀ ነው። ካርታው የእነሱ ነውና አባትና እናትም ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

የማስጠነቅቀው ስለ ዶሮዋ አይደለም። ቦቫንስ ብራውን፣ ሎህማን ብራውን ወይም ሃይላይን የሚባሉት ቡናማ ጣዮች የሚገባቸውን ካገኙ የሚጠበቅባቸውን ይሰጣሉ። የምፈራው ወረቀቱን ነው። ዛሬ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው የሚዞር፣ ስሙና አድራሻው ብቻ እየተቀየረ በየኮምፒውተር ቤቱ የሚታተም «የአዋጭነት ጥናት» አለ። አበዳሪው ሰነድ ስለሚጠይቅ ተበዳሪው ይገዛዋል፣ አበዳሪው ፋይል ውስጥ ይከተዋል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አያነበውም። ክፋቱ ግን ወጣቱ ራሱ ያመነው እንደሆነ ነው።

ወረቀቱ የሚለው በአጭሩ ይህን ይመስላል። ለስሌት እንዲመች አንድ እንቁላል 12 ብር፣ አንድ ኩንታል መኖ 5 ሺህ ብር እንበል። ዋጋው ነገ ስለሚለወጥ በየከተማችሁ ያለውን የዛሬ ዋጋ ተክታችሁ አስሉት፤ የስሌቱ መንገድ ያው ነው። ወረቀቱ ከሺህ ዶሮ በቀን 950 እንቁላል ይቆጥራል፤ 11,400 ብር ማለት ነው። አንድ ዶሮ በቀን 115 ግራም ያህል ስለምትበላ ሺዎቹ 115 ኪሎ ይጨርሳሉ፤ 5,750 ብር። ልዩነቱን፣ 5,650 ብሩን፣ «ትርፍ» ብሎ በ30 ቀን ያባዛውና በወር 170 ሺህ ብር ገደማ ይጽፋል። ይህን ያየ የ24 ዓመት ልጅ የወር ደመወዝ ፍለጋ ለምን ይንከራተታል?

በዚህ ስሌት ውስጥ ሦስት ነገር ጠፍቷል። ጫጩቷ እንቁላል እስክትጥል የምትበላው፣ እንቁላሉ የሚደርስበት ወር፣ እና 950 የሚለው ቁጥር ከየት እንደሚመጣ።

ከመጀመሪያው እንነሣ። የአንድ ቀን ጫጩት ገዝታችሁ 18 ሳምንት እስኪሆናት ድረስ አንዷ 6.5 ኪሎ ያህል መኖ ትጨርሳለች። ለሺህ 65 ኩንታል ነው። በ18ኛው ሳምንት አንዳንዷ ትጀምራለች እንጂ መንጋው ገና ነው፤ ግማሹ የሚጥለው ወደ 21ኛው ሳምንት ነው። የዕለት ገቢ የመኖውን ወጪ መሸፈን እስኪጀምር ቢያንስ አራት ሳምንት ጨምሩ፤ ሌላ 27 ኩንታል። ድምሩ 92 ኩንታል፣ በያዝነው ዋጋ 460 ሺህ ብር፣ አንድ ትሪ እንቁላል ሳይሸጥ። የጫጩቷ ዋጋ፣ የቤቱ ኪራይ፣ የጠባቂው ደመወዝ፣ የማሞቂያው ከሰል ወይም መብራት ገና አልተቆጠረም። በብዙ ወጣቶች ላይ የሚደርሰው ጉዳት እዚህ ይጀምራል። ብድሩ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ጫጩት ይገዛል፣ ማሞቂያና መጠጫ ይሟላል፣ በ12ኛው ሳምንት ገንዘቡ ያልቃል። በ13ኛው ሳምንት መኖው ይቀጥናል። ፉርሽካ ይበዛበታል፣ የአኩሪ አተሩ ወይም የኑግ ፋጉሎው ድርሻ ይቀንሳል። ዶሮዋ አትሞትም፤ ትበላለች፣ ትቆማለች፣ ትራመዳለች። ዕዳው የሚታየው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የብድሩን የእፎይታ ጊዜ በሳምንት ቁጠሩ። መክፈል መጀመር ያለባችሁ ጫጩት ከገባ በስድስተኛው ወር ከሆነ እጃችሁ ላይ ያለው ቢበዛ የአንድ ወር ምርት ብቻ ነው፤ በሦስተኛው ወር ከሆነ ምንም የለም። የ22 ሳምንት መኖ ገንዘብ በሌላ ሒሳብ ተለይቶ ካልተቀመጠ የዶሮውን ቁጥር ቀንሱ። አራት መቶ በደንብ የበላች ዶሮ ከአንድ ሺህ የተራበች ትሻላለች፤ ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም።

ሁለተኛው የጠፋው ነገር ቀን መቁጠሪያው ነው። በእኔ እምነት ከሁሉ የከፋውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም በትጋት አይታረምም።

ጫጩት በመስከረም መጀመሪያ ገባ እንበል፤ መስከረም 5። 21ኛው ሳምንት የካቲት 2 ላይ ይውላል። ምርቱ ወደ ጣሪያው የሚጠጋበት 26ኛው ሳምንት ደግሞ መጋቢት 7 ነው። እዚህ ላይ የባሕረ ሐሳቡን ሒሳብ አስታውሱ። ዐቢይ ጾም ቢቀድም የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ይገባል፤ ፋሲካም ከመጋቢት 26 በፊትና ከሚያዝያ 30 በኋላ አይውልም። እንግዲህ መስከረም 5 የገባ ጫጩት ዓመቱ ምንም ይሁን ምን ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ጾም ውስጥ ነው። በየትኛውም ዓመት አያመልጥም። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም ነበር፤ የሰፈሩ ቄስ በአንድ ጥያቄ ይነግራችኋል።

ዶሮ አትጾምም። 115 ኪሎውን በየቀኑ ትበላለች። ገዢው ግን ለ55 ቀን አይበላም፣ ከምግብ ቤቱና ከኬክ ቤቱም የሚወጣው ትእዛዝ ይቀንሳል። ስሌቱን እንሥራው። መኖ በእንቁላል እርባታ ከጠቅላላው ወጪ ወደ 70 በመቶ ይወስዳል፤ ቀሪው ሠራተኛ፣ መድኃኒት፣ መብራት፣ ጉዝጓዝ፣ የጫጩቱና የቤቱ ድርሻ ነው። የዕለቱ መኖ 5,750 ብር ከሆነ ጠቅላላው የዕለት ወጪ ወደ 8,200 ብር ይጠጋል። እንቁላል 12 ብር ሲሸጥ ይህን ለመሸፈን በቀን 683 እንቁላል ይበቃል፤ ከመንጋው 68 በመቶው መጣል አለበት ማለት ነው። ይቻላል። ዋጋው ወደ 9 ብር ሲወርድ ግን 911 እንቁላል ያስፈልጋል። 91 በመቶ! ይህን ያህል በጥሩ አያያዝ ላይ ያለ መንጋም በጣሪያው ወቅት ብቻ የሚደርስበት ነው።

በጾሙ ወቅት መንጋችሁ በአማካይ 750 ቢጥል በቀን 6,750 ብር ያስገባል፤ 1,450 ብር ይጎድላል። በ55 ቀን ወደ 80 ሺህ ብር ይሆናል። ከፋሲካ በኋላ ዋጋው ወደ 12 ቢመለስና ምርቱ 880 ቢሆን የቀኑ ትርፍ 2,360 ብር ነው። የጾሙን ጉድጓድ ለመድፈን ብቻ 34 ቀን ይሄዳል፣ የብድሩ ወለድ ሳይታሰብ። ወረቀቱ በቀን 5,650 ብሎ የጻፈውን ከዚህ ጋር አስተያዩት።

«እንቁላሉን አጠራቅሜ ለፋሲካ እሸጣለሁ» የሚል ሰው ሁልጊዜ ይገጥመኛል። ቀዝቃዛ ክፍል በሌለበት፣ በቆላማና ወይና ደጋ ከተማ ሙቀት እንቁላል ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆይ ነው፤ ከዚያ ነጩ እየሳሳ፣ ውስጡ ያለው የአየር ክፍተት እየሰፋ ይሄዳል። ቸርቻሪው ውሃ ውስጥ ከትቶ ሲንሳፈፍ ያየዋል፤ ከዚያ በኋላ ደንበኛችሁ አይደለም። ከጾሙ መጨረሻ ሁለት ሳምንት የተጣለውን ማቆየት ይቻላል፣ ከዚያ የራቀውን ግን አይሆንም።

ታዲያ መቼ ይግባ? ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ኅዳር 1 የገባ ጫጩት 21ኛ ሳምንቱን መጋቢት 28 ይደፍናል፣ ማለትም በአብዛኛው ዓመት መጣል የሚጀምረው ከፋሲካው ዋዜማ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ጣሪያው ግንቦት መጀመሪያ ይሆናል። ከዚያ እስከ ኅዳር 15፣ የነቢያት ጾም እስኪገባ፣ በመሐል የሚያቋርጠው ዋና ነገር የነሐሴው ፍልሰታ ነው። እንቁጣጣሽና መስቀል በመንገዱ ላይ ያሉ በዓላት ናቸው። ሌላም ጥቅም አለው፤ ኅዳር 1 የገባች ዶሮ 75 ሳምንት የሚሞላት በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ 11 አካባቢ ነው። ምርቷ የሚቀንስበት ጊዜ ከፋሲካ ዶሮ ገበያ ጋር ይገጥማል፣ ለወጥ ትሸጣለች። በሰኔ የምትሸጥ ያረጀች ዶሮና ለፋሲካ የምትሸጥ አንድ ዋጋ የላቸውም። እርግጥ ይህን ስሌት የምታውቁት እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ በጥቅምትና በኅዳር ጫጩት ፈላጊው ስለሚበዛ ከወራት በፊት ካልታዘዘ አይገኝም። ወላጅ ዶሮዎቹ ከውጭ ስለሚመጡ የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ጫጩቱም ይዘገያል። ጫጩቱ እስከ ጥር ከዘገየ የእኔ ምክር መጠበቅ ነው። የቆመ ባዶ ቤት ያለ ገቢ ኪራይ ያስከፍላል፣ በተሳሳተ ወር የሞላ ቤት ግን ኪራይም መኖም ያስከፍላል።

የምትሸጡበት ከተማም ይለያያል። ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ፣ ወይም ፕሮቴስታንት አማኝ በሚበዛባቸው የደቡብ ከተሞች ገበያው በዐቢይ ጾም እንደ ደብረ ብርሃን አይወድቅም። ነገር ግን ከቢሾፍቱ እስከዚያ የሚያደርሰው ትራንስፖርትና በመንገድ የሚሰበረው እንቁላል ከስሌቱ ውስጥ ይግባ።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ። 950 የሚለው ቁጥር ከአርቢ ኩባንያዎቹ መመሪያ የተቀዳ ነው፤ ውሸት አይደለም። የሚደርስባት ግን በ18ኛው ሳምንት 1.5 ኪሎ ገደማ የምትመዝንና ከጓደኞቿ ጋር እኩል ያደገች ቄብ ናት። የዶሮ አጥንት በአብዛኛው የሚሠራው እስከ 12ኛና 13ኛው ሳምንት ነው። በዚያ ጊዜ የጎደላትን በኋላ በጥሩ መኖ ብትክሷት ስብ ትጨምራለች እንጂ አካል አታድግም። በ13ኛው ሳምንት መኖው የቀጠነበት ያ መንጋም በ18ኛው ሳምንት ክብደቱ ስለማይሞላ 80 በመቶ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ባለቤቱ ያኔ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት ይዞራል፣ ቫይታሚን ይገዛል፣ «ዝርያው መጥፎ ነው» ይላል።

ይህን ቀድሞ ለማየት የሚያስፈልገው አንድ ሚዛንና አንድ ደብተር ነው። በየሳምንቱ፣ በአንድ ዓይነት ቀንና ሰዓት፣ መኖ ሳይቀርብ በፊት፣ ከቤቱ ከተለያየ ጥግ 50 ያህል ዶሮ በነሲብ ያዙና አንድ በአንድ መዝኑ። አማካዩን አውጡ። ከዚያ ከአማካዩ በ10 በመቶ ከፍና ዝቅ ባለው መካከል ስንቶቹ እንዳሉ ቁጠሩ። ከ50ው 40ው እዚያ ውስጥ ከገቡ መንጋው እኩል እያደገ ነው። 30 ብቻ ከሆኑ ጥቂቶች ይበላሉ፣ ደካሞቹ ተገፍተዋል፤ መመገቢያው አንሷል ወይም ቤቱ ተጣቧል፤ ትንንሾቹን ለይታችሁ ለብቻ አብሏቸው። በዚህ ሳምንት የምታውቁትን በቀጣዩ ማስተካከል ይቻላል። በ20ኛው ሳምንት ያወቀ ሰው ግን የሚያስተካክለው የለም። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በዚህ ሥራ ውስጥ ጥቅሙ የሚታየው፣ እኔ እንዳየሁት፣ እዚህ ደብተር ላይ ነው። ሒሳብ የተማረ ልጅ የእንስሳት እርባታ ተመርቆ ሳይመዝን ከሚኖር ይበልጣል።

ብርሃንም አለ። ጣይ ዶሮ በምርት ወቅት ወደ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች፤ የእኛ ቀን ግን ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ቀሪው በአምፖል ይሞላል። ክብደቷ ሳይደርስ ቀድማችሁ ብርሃን ካበዛችሁባት ግን ትንንሽ እንቁላል እየጣለች ትጀምርና አንዳንዷ ማህፀኗ ወጥቶ ትሞታለች። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር አምፖሉን በባትሪ ደግፉት፤ አንድ ቀን በርቶ ሁለት ቀን የጠፋ ብርሃን ከሌለው አይሻልም።

ስለ በሽታ ብዙ አልጽፍም፤ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ምክንያቱም ሲበላሽ ደጋግሞ የሚታየው ይኼው ነው። ፈንግል የገባበት ያልተከተበ መንጋ በቀናት ውስጥ ያልቃል፤ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የተጠማዘዘ አንገት፣ ከዚያ ባዶ ቤት። ክትባቱ በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ ተቋም እዚሁ አገር ይመረታል፣ ከመኖው አንጻር ዋጋው ኢምንት ነው። ሆኖም «ከትቤ ነበር» የሚል ሰው ዶሮው ሲያልቅበት አይተናል። ክትባቱ ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ካልቆየ ይሞታል። የከተማ ቧንቧ ውሃ ውስጥ ከተበጠበጠ ክሎሪኑ ይገድለዋል፤ ለዚህ ነው ክሎሪን የሌለበት ውሃ የሚፈለገው፣ ወይም ክትባቱ ከመግባቱ በፊት በሊትር 2.5 ግራም ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት የሚጨመረው። ዶሮዎቹ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ውሃ ተከልክለው ይጠሙ፣ ክትባቱን በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጨርሱት። በፌስታል ይዞ፣ በረዶ ሳይኖረው፣ በሚኒባስ የመጣ ብልቃጥ ክትባት አይደለም።

በሽታው በአብዛኛው የሚገባው በነፋስ አይደለም፣ በሰው ነው። ገዢው ከሌላ እርባታ የሰበሰበውን ያገለገለ የወረቀት ትሪ ይዞ ይመጣል፤ እናንተም ገንዘብ ለማዳን ትቀበሉታላችሁ። አትቀበሉ። ትሪያችሁ የፕላስቲክ ይሁንና ሲመለስ ይታጠብ። ጠባቂው በቤቱ የሐበሻ ዶሮ ካለው ሌላ ጠባቂ ቅጠሩ ወይም የእሱን ዶሮዎች ግዟቸው።

አሁን ደግሞ ስለ ማጭበርበር። ቡናማ ጣዮች በአንድ ቀን ዕድሜያቸው በቀለም ይለያሉ፤ ሴቷ ቡናማ ናት፣ ወንዱ ነጣ ያለ ቢጫ ነው። ካርቶኑን ሳትከፍቱ አትረከቡ። ነጣ ያሉት ከተቀላቀሉ ለአውራ ዶሮ መኖ ልታበሉ ነው። ለሥጋም ለእንቁላልም የሚሆኑት እንደ ሳሶ ያሉት ለገጠር ቤተሰብ ጥሩ ናቸው፤ «ጣይ ናት» ተብሎ በቦቫንስ ዋጋ ከተሸጡላችሁ ግን የእንቁላል ስሌታችሁ ሁሉ ይፈርሳል። ከሁሉም በላይ የሚያጠምደው የ18 ሳምንት «ቄብ» የሚባለው ገበያ ነው። አንድ ዙር ጥላ የጨረሰች ዶሮ ታጥባ፣ ላባዋ ተስተካክሎ፣ ገና ልትጀምር ነው ተብላ ትሸጣለች። እግሯን እዩ፤ ቅርፊቱ የሻከረና ጥፍሩ ያደገ ነው። ከጅራቷ በታች ያሉትን ሁለቱን ሹል አጥንቶች ዳስሱ፤ ያልጀመረች ቄብ ላይ በመካከላቸው አንድ ጣት ቢገባ ነው። ሻጩ የክትባት መዝገቡን፣ ጫጩቱ የመጣበትን ማፈልፈያ ደረሰኝና የየሳምንቱን ክብደት ካላሳያችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። በደላላ በኩል «ዛሬ ካልወሰድክ ነገ የለም» የሚባል ቄብ አለ፤ ነገ ባይኖር ይሻላል።

ግብርናን ሙያዬ ብሎ ለመያዝ ለቆረጠ ምሩቅ የእኔ ምክር ከብድሩ በፊት አንድ መንጋ በሰው እርባታ ውስጥ፣ ከጫጩት እስከ ሽያጭ፣ በደመወዝ ማሳለፍ ነው። አንድ ዓመት ተኩል ይሆናል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል፤ «ተምሬ የሰው ዶሮ ልጠብቅ?» ይላሉ። ነገር ግን ሌሊት 9 ሰዓት ማሞቂያው ጠፍቶ ጫጩቱ ጥግ ላይ ሲደራረብ ማየት፣ አንድ ጾም በሰው ገንዘብ ማለፍ፣ መኖ አቀናባሪው ፋብሪካ ያመጣው ቦቆሎ ሻግቶ ሲገኝ ሥራ አስኪያጁ ምን እንደሚያደርግ ማየት፣ በራስ ብድር ከሚማሩት ይረክሳል። የሻገተው ቦቆሎና የኑግ ፋጉሎ አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ ይይዛል፤ መንጋ ሳይሞት ምርቱን የሚያሳጣ ነገር ስለሆነ ከውጭ ሲያዩት በሽታ አይመስልም። ማፈልፈያ ቤት፣ መኖ ፋብሪካ፣ ትልቅ እርባታ የተማረ ተቆጣጣሪ ይፈልጋሉ። የራሱን ቤት በኋላ የሚከፍተው ያ ሰው በየትኛው ወር ጫጩት እንደሚገባ ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም።

ማሳሰቢያው የደረሳችሁ ዘግይቶ፣ መንጋችሁ ጾም ውስጥ ገብቶ፣ የመኖ ገንዘብ እየቸገራችሁ ከሆነ የመጀመሪያ ሐሳባችሁ መኖ መቀነስ ይሆናል። አታድርጉት። ራሽኗ የቀነሰባት ዶሮ በቀናት ውስጥ መጣል ታቆማለች፣ ላባዋን መጣል ትጀምራለች። ከዚያ ተመልሳ በደንብ ለመጣል ሁለት ወር ያህል ይፈጅባታል። በመጋቢት የቀነሳችሁት መኖ በፋሲካ ማግስት፣ ዋጋው ሲመለስ፣ ባዶ ጎጆ ያስታቅፋችኋል።

ከመኖው ይልቅ የዶሮውን ቁጥር ቀንሱ። ሌሊት፣ በባትሪ ብርሃን፣ አንድ በአንድ ያዙና ሁለቱን አጥንቶች ዳስሱ። የምትጥለዋ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ይገባል፣ የእንቁላል መውጫዋ ሰፊና እርጥብ ነው፣ ጉትያዋ ቀልቶ ይሞላል። አጥንቶቹ የተጣበቁባት፣ ጉትያዋ የደረቀና የገረጣ ዶሮ ዝም ብላ የምትበላ ናት፤ እሷን ምልክት አድርጉባት። ከሺህ ውስጥ መቶ እንዲህ ያሉ ብታገኙ በቀን 11.5 ኪሎ የጣይ መኖ ታድናላችሁ፤ አንድም እንቁላል አይጎድልባችሁም። እነዚያን ነጥላችሁ በአንድ ክፍል አስቀምጧቸው። ጾም ላይ አትሽጧቸው፣ ዋጋ የላቸውም፤ ርካሽ መኖ፣ የተረፈ አረንጓዴና ፉርሽካ እየሰጣችሁ በፋሲካ ዋዜማ ለገበያ አውጧቸው። ለቀሩት ዘጠኝ መቶዎች ግን 115 ግራሙ በየቀኑ፣ በሰዓቱ ይቅረብ፤ ከአበዳሪውም ጋር የክፍያ ጊዜው እንዲራዘም መነጋገር ያለባችሁ ክፍያው ሳያልፍ፣ የየሳምንቱን የክብደትና የእንቁላል ደብተር ይዛችሁ ነው።